ቅዳሜ ሦስት ሰዎች ይመጣሉ፤ ምን ልጠይቃቸው?

ውድ አማካሪያችን፣ ባሕር ዳር ፔዳ አካባቢ አነስተኛ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤት አለችኝ። ሦስት ዓመት ብቻዬን ሠርቻለሁ። አሁን ሁለተኛ ልጄን ወልጄ ስመለስ አልቻልኩም፤ አንድ ሰው መቅጠር አለብኝ። በሬ ላይ ማስታወቂያ ለጥፌ ሦስት ሰዎች ለቅዳሜ ቀጥሬያለሁ፦ ከቴክኒክና ሙያ የተመረቀች ወጣት፣ ሌላ ኮፒ ቤት አራት ዓመት የሠራ ጎልማሳ፣ እና የባለቤቴ የእህቱ ልጅ። ከእነሱ በፊት አንዲት ልጅ መጥታ አርባ ደቂቃ ያህል አወራን። ወደድኳት፤ ከሄደች በኋላ ግን ስለ እሷ ያወቅሁት የእናቷን አገር ብቻ መሆኑ ገባኝ። እኔ ራሴ ቃለ መጠይቅ ተቀምጬ አላውቅም። ባለቤቴ «ምን ያስጨንቅሻል፣ የእህቴን ልጅ ያዢ» ይለኛል። የገንዘብ መሳቢያዬንና የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ለማን እንደማምን ቸግሮኛል። ምን ብዬ ልጠይቃቸው?
ግራ የገባኝ፣ ከባሕር ዳር

እህቴ፣ ያ አርባ ደቂቃ በከንቱ አልጠፋም። ጨዋታ ሰውን እንደሚያስወድድ፣ ሥራውን ግን እንደማያሳይ ገንዘብ ሳትከፍዪበት አውቀሻል። እኔ ከፍዬበታለሁ። የልብስ ስፌት ቤት በነበረኝ ጊዜ የመጀመሪያ ሠራተኛዬን የቀጠርኩት አንደበቷ ስላማረኝ ነበር፤ አንድ እጅጌ እንኳ ስትገጥም ሳላይ «ነይ ጀምሪ» አልኳት። በሁለተኛው ወር የሠርግ ልብስ ተበላሽቶ ከደንበኛ ጋር ስንጣላ ልጅቷም አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። ማየት የሚገባኝን ሳላይ የማትችለውን ያሸከምኳት እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ ስለ ጥያቄዎቹ ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ሱቅሽ ገንዘብ ወይም ደንበኛ ያጣው በየትኛው ሰዓትና በምን ምክንያት ነው? ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ደብተር አውጪና ጻፊው። ምናልባት አንድ ተማሪ ሦስት ቅጂ አዝዞ ሁለት ተሰጥቶት ተመልሶ መጥቷል። ምናልባት የአንዱ ገጽ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ከተጠረዘ በኋላ ሁሉም እንደ አዲስ ታትሟል። ምናልባት ወረፋ በበዛበት ሰዓት መልስ ተሳስተሽ ሰጥተሻል። ከዝርዝሩ ሦስት ነገር ብቻ ለይተሽ አስምሪባቸው፤ ቅዳሜ የምትፈልጊው እነዚያን ሦስት ነው። ስፓይራል መጠረዝን፣ ላሚኔሽንን፣ ቶነር መቀየርን በአንድ ሳምንት ታስተምሪያለሽ። ለሰው ሰነድ መጠንቀቅን፣ ገንዘብ ሲቆጥሩ አለመቸኮልን፣ ያልገባን ነገር መጠየቅን ግን በሳምንት ማስተማር አይቻልም። እነዚህ ይዘውት የሚመጡ ናቸው።

ሦስቱን ሰዎች በአንድ ሰዓት አትጥሪያቸው። አንዱን ጠዋት 3 ሰዓት፣ ሁለተኛውን 4 ሰዓት ተኩል፣ ሦስተኛውን 6 ሰዓት ቅጠሪ። በር ላይ ተፋጠው እንዲቀመጡ ማድረግ ያሸማቅቃቸዋል፤ ከዓባይ ማዶ በባጃጅ የሚመጣውም ትንሽ ቢዘገይ የሌላውን ሰዓት አይበላም። በሩን ገርበብ አድርገሽ «ለጥቂት ጊዜ ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ለጥፊ። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ብድግ የምትዪ ከሆነ አንቺም አትሰሚም፣ እነሱም አይናገሩም። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሰዓት ይበቃል፦ ሃያ አምስት ደቂቃ ጥያቄ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ሥራ፣ የቀረው የእነሱ ጥያቄ ነው። ላፕቶፕ ካለሽ ባትሪውን ሙሉ አድርገሽ አሳድሪ፤ መብራት ሄዶ የአንዱ ፈተና ቢቋረጥ ከሌሎቹ ጋር ማወዳደር አትችዪም።

ጥያቄዎቹን በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፤ ለሦስቱም ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቅደም ተከተል ጠይቂ። ይህ ደረቅ ሊመስልሽ ይችላል። ሆኖም ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሀንተር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 የ85 ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው ሲያመዛዝኑ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ የሚቀርብበት ቃለ መጠይቅና የሥራ ናሙና ከልቅ ጨዋታ ይልቅ የነገውን ሠራተኛ በተሻለ ይጠቁማሉ አሉ። የልምድ ዓመት ብዛት ግን ብቻውን የሚናገረው ጥቂት ነው። ይህን የማነሣው ስለ አራት ዓመቱ ጎልማሳ ነው። አራት ዓመት መሥራቱ በደንብ መሥራቱን አይነግርሽም፤ እሱንም እንደ ሌሎቹ እዪው።

ጥያቄዎችሽ «ቢሆን ምን ታደርጊያለሽ?» ከሚለው ይልቅ «ሆኖ ሲያጋጥምሽ ምን አደረግሽ?» የሚል መልክ ይኑራቸው። «ታማኝ ነሽ?» ብትዪ «አይደለሁም» የሚልሽ ሰው የለም። እንዲህ ብትጠይቂ ግን መልሱ ራሱ ይመራሻል፦ «የሌላ ሰው ገንዘብ በእጅሽ ገብቶ ሒሳቡ አልገጥም ያለበትን ቀን ንገሪኝ። ምን ያህል ጎደለ? መጀመሪያ ለማን ነገርሽ?» ሥራ ሠርታ የማታውቀዋ ተመራቂም የምትመልሰው አላት፤ የዕቁብ ገንዘብ ሰብስባ ይሆናል፣ የክፍል ጓደኞቿን የኮፒ ብር ይዛ ይሆናል፣ እናቷ ገበያ ልካት ይሆናል። ሁለተኛ፦ «ሰው ሰጥቶሽ ያበላሸሽው ሥራ ነበር? እንዴት አስተካከልሽው?» ሦስተኛ፦ «አንድ ደንበኛ ወይም አስተማሪ ሲቆጣሽ የነበረውን ሁኔታ አስታውሺኝ።» አራተኛው ከዛሬው ንግድ የመጣ ነው፦ «ደንበኛ በቴሌብር ከፍያለሁ ብሎ ስልኩን ቢያሳይሽ ምን ታደርጊያለሽ?» ይህ ያላጋጠመው ሰው ሊኖር ስለሚችል በግምት መመለስ ይቻላል። እዚህ ላይ የምትፈልጊው የደንበኛውን ስልክ ብቻ አይታ የማትሸኝ፣ ገንዘቡ ለሱቁ መድረሱን የምታረጋግጥ ልጅ ነው። አንቺም በበኩልሽ ክፍያው የሚገባበት ስልክ ቤትሽ የሚውል ከሆነ እንዴት ልታረጋግጥ እንደምትችል አስቀድመሽ አስቢበት። መንገድ ሳይሰጧት ብትሳሳት ጥፋቱ የእሷ አይሆንም።

አሁን በጣም የምጨነቅበትን ነገር ልንገርሽ። የእኛ አገር ልጅ ታላቅ ሰው ፊት ዓይኑን ይሰብራል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ራሱን ማመስገን ነውር ነው ተብሎ አድጓል። «ምን ምን ትችያለሽ?» ስትዪያት «ያው ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ» የምትልሽ ልጅ ከሦስቱ ፈጣኗ ልትሆን ትችላለች። «ሁሉንም እችላለሁ» የሚልሽ ደግሞ የምርም ይችል ይሆናል። አንደበቱን ይዘሽ አትፍረጂ፤ ወደ ነገሩ ውስጥ ግቢ። ከተመራቂዋ ጋር ንግግራችሁ እንዲህ ሊሄድ ይችላል፦

«አማርኛ ትጽፊያለሽ?»
«ትንሽ እሞክራለሁ።»
«መጨረሻ ላይ የጻፍሽው ምን ነበር?»
«የጎረቤታችንን የፍርድ ቤት ማመልከቻ።»
«ስንት ገጽ ነበር? በምን ጻፍሽው?»
«አራት ገጽ። በፓወር ግዕዝ። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ፊደሉ ተበላሸ፤ ከዚያ በፒዲኤፍ ቀይሬ ሰጠኋቸው።»

አየሽ፣ «ትንሽ እሞክራለሁ» ያለችው ልጅ በየቀኑ የሚያጋጥምሽን ችግር አውቃ መፍትሔውንም አግኝታለች። ይህን ያወጣው «ስንት ገጽ፣ በምን፣ ከዚያስ?» የሚሉት ትንንሽ ጥያቄዎችሽ ናቸው። የሚያጋንን ሰው ከሆነ ደግሞ በዚህ ጥያቄ መልሱ እየቀጠነ ይሄዳል፦ «ብዙ ነገር ጽፌያለሁ» ይልሻል፣ «ለምሳሌ?» ስትዪው ሌላ ወሬ ያነሣል። ከጠየቅሽ በኋላ ዝም በዪ። ዝምታው ያስጨንቅሻል፤ አውቃለሁ። አሥር ሰከንድ ታገሺ፤ እውነተኛው መልስ ብዙ ጊዜ ከዝምታው በኋላ ነው የሚመጣው። አንቺ ያወራሽበት ደቂቃ ሁሉ እነሱን ያልሰማሽበት ደቂቃ ነው። ካለፈችው ልጅ ጋር የሆነውም ይህ ይመስለኛል።

ከዚያ ወደ ማሽኑ ውሰጃቸው። እኔ ብሆን ከጥያቄው ይልቅ የምተማመነው በዚህ ነው። እውነተኛ የደንበኛ ሥራ አትስጪ፤ የሰው ምሥጢር ነው፣ በነፃ ማሠራትም አይገባም። አንቺ ራስሽ ያዘጋጀሽውን ስጪ። በእጅ የተጻፈ አንድ ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይጻፉ። ቀጥሎ በቁራጭ ወረቀት እንዲህ የሚል ትእዛዝ ስጪ፦ «72 ገጽ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ሦስት ቅጂ፣ በስፓይራል ተጠርዞ። ደንበኛው 1,200 ብር ሰጥቷል።» ኮፒ በገጽ 4 ብር፣ ጥረዛው 50 ብር ነው እንበል፤ አንቺ የራስሽን ዋጋ አስገቢ። ሦስቱ ቅጂ 216 ገጽ ነው፣ 864 ብር። ጥረዛው 150። ድምሩ 1,014፣ መልሱ 186 ብር።

ሒሳቡን መሳት ብዙ አያስደንግጥሽ፤ ካልኩሌተር አለ። እኔ የምመለከተው ሌላ ነው። ትእዛዙ ላይ ሆን ብለሽ አንድ ነገር አጉድለሻል፦ በአንድ ፊት ይሁን ፊትና ጀርባ አልተጻፈም። «በአንድ ፊት ነው ወይስ በሁለት?» ብላ የምትጠይቅሽ ልጅ ከደስጣ ወረቀት ኪሳራ ታድንሻለች። ሳይጠይቅ በገዛ ግምቱ የሚጀምር ፈጣን ሰው ግን በመመረቂያ ወቅት ወረፋው በሩን ሲያልፍ ምን እንደሚያደርግ አሁኑኑ እያሳየሽ ነው። ጽሑፉን ስትጽፍም ከፍጥነቷ በላይ ሁለት ነገር ተከታተዪ። በየመሐሉ ታስቀምጣለች ወይስ መብራት እንደማይጠፋ ሆና ትጽፋለች? ከጨረሰች በኋላስ ከእጅ ጽሑፉ ጋር መልሳ ታነጻጽራለች? የመታወቂያ ኮፒም አሠሪያቸው፤ ሲጨርሱ መታወቂያውን ከማሽኑ መስታወት ላይ አንሥተው ይመልሱልሻል ወይስ ይረሱታል? የሰውን መታወቂያና የባንክ ወረቀት የሚረሳ እጅ ነገ ደንበኛሽን በከተማው ሁሉ ያስዞረዋል።

የማይጠየቁ ነገሮችም አሉ። «ልታገቢ ነው?»፣ «ልጅ ልትወልጂ ታስቢያለሽ?»፣ «ሃይማኖትሽ ምንድን ነው?»፣ «የማን ዘር ነሽ?» አትበዪ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በጾታ፣ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከትና በመሳሰለው ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ጨዋታ ለመጀመር ብለሽ «አገርሽ ወዴት ነው?» ያልሽው እንኳ ለምትሰማው ልጅ ሌላ ትርጉም ሊሰጥ ይችላል። አንቺም ከወሊድ በቅርብ የተነሣሽ እናት ነሽና ያ ጥያቄ እንዴት እንደሚያም ላስረዳሽ አልሞክርም። የሚያሳስብሽ ሰዓት ከሆነ ሰዓቱን ጠይቂ፦ «ሥራው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይጀምራል፣ ቅዳሜም አለ። ይመችሻል?» በቃ።

ስለ ሰዓት ካነሣን አይቀር፣ ሱቅሽ ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት ከሆነ አንድ ሠራተኛ ሁሉንም ልትሸፍን አትችልም። መደበኛው የሥራ ጊዜ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አለው። የትኛውን ሰዓት አንቺ፣ የትኛውን እሷ እንደምትይዙ ከቅዳሜ በፊት ወስኚ፤ ካልወሰንሽው የምትነግሪያቸው ነገር አይኖርሽም። ደመወዙንም እንዲሁ። «እንስማማለን» አትበዪ። ቁጥሩን ተናገሪ፤ ግብርና ጡረታ ሳይቀነስ ይሁን ከተቀነሰ በኋላ ግልጽ አድርጊ። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ፤ በመጀመሪያው የደመወዝ ቀን የሚነሣው ጠብ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ይህ ሳይነገር ሲቀር ነው።

እያንዳንዱ ሰው እንደወጣ፣ ቀጣዩ ሳይገባ፣ ሦስቱ ያሰመርሽባቸው ነገሮች ላይ ከ1 እስከ 5 ቁጥር ስጪ፤ አጠገቡ ያየሽውን በአንድ መስመር ጻፊ። «ጥሩ ልጅ» ብለሽ አትጻፊ፤ «ስለ ፊትና ጀርባው ጠየቀች» ብለሽ ጻፊ። እስከ ማታ ካቆየሽው የምታስታውሺው የመጨረሻውን ሰውና በጣም የሳቀውን ነው። ከሦስቱ በፊት የመጣችውንም ልጅ ደውለሽ ጥሪያት። አንቺ ስላልጠየቅሻት እሷ ዕድሏን ልታጣ አይገባም።

አሁን ወደ ባለቤትሽ እህት ልጅ። ይህ እንዴት እንደሚከብድ ይገባኛል፤ በቤትሽ ውስጥ ያለ ሰላም ነው። እኔ ግን የምጠይቅሽ ይህን ነው፦ ገንዘብ ጎድሎ ብታገኚ ለእሷ ደፍረሽ ትናገሪያታለሽ? ሥራ ብታቆሚያት በፋሲካ አማችሽ ቤት እንዴት ትቀመጪያለሽ? መልስሽ «አልችልም» ከሆነ ቁጥሯ ቢበልጥ እንኳ ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። «ዘመድ አልቀጥርም» ብለሽ አትጀምሪ። «ሁሉም በአንድ ወረቀት ይፈተናሉ፣ ወረቀቱን አብረን እናያለን» በዪው። ዛሬ ማታ ጥያቄዎቹን ስታዘጋጂ እሱም ከጎንሽ ቢቀመጥና አንድ ጥያቄ ቢጨምር፣ ቅዳሜ ማታ ውጤቱ የአንቺ ብቻ አይሆንም። ልጅቷ በእውነት ከበለጠች ደግሞ በዝምድና ገባች ሳትባል በችሎታዋ ትገባለች፤ ለእሷም ክብር ነው።

ጎልማሳው ቢበልጥ፣ በእሱ ፈቃድ ለቀድሞ አሠሪው ደውዪ። «እንዴት ነበር?» ብትዪ «ጎበዝ ነው» ይሉሻል፤ የሰው እንጀራ መዝጋት ማንም አይወድም። «ነገ ተመልሶ ቢመጣ ትቀጥሩታላችሁ?» በዪና ከመልሱ በፊት ያለውን ዝምታ አዳምጪ። ከገንዘብ ጋር ስለሚሠራ ተያዥ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ሆኖም ተያዥ ገንዘብ ከጠፋ በኋላ የሚጠራ ሰው ነው። ማታ ማታ አብራችሁ መሳቢያውን ቆጥራችሁ በደብተር ላይ መፈራረም ገና ሳይጠፋ ይጠብቅሻል፣ ሠራተኛሽንም ከሐሜት ያድናል። ይህንንም በቃለ መጠይቁ ላይ ንገሪያቸው፤ ቅር የሚለው ካለ ፊቱ ላይ ታያለሽ።

የመረጥሽውን ሰው ስትቀጥሪ በሙከራ ጊዜ ይሁን። አዋጁ እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን በጽሑፍ መሆን አለበት። ሥራው ምን እንደሆነ፣ ደመወዙ፣ ሰዓቱና የሙከራው ጊዜ ያለበት አንድ ገጽ በቂ ነው፤ ጽሕፈት ቤት ያለሽ ሴት ነሽ፣ ሁለት ቅጂ አትመሽ ለሁለታችሁም አንድ አንድ ያዙ።

ላልተመረጡት ሰኞ እስከ ማታ ራስሽ ደውዪ። «እንደውላለን» ብሎ መቅረት ልጆቹን ለሳምንታት ስልካቸውን እያዩ ያስቀምጣቸዋል። ለተመራቂዋ ካልሆነላት በፈተናው ላይ ያየሽውን አንድ ጠንካራ ነገር ንገሪያት፦ «ፒዲኤፉን ያሰብሽበት መንገድ ወድጄዋለሁ» በያት። ለሌላ ቤት ስትፈተን ይህን ይዛ ትሄዳለች። ቅዳሜ ካለፈ በኋላ ወረቀትሽ ላይ የጻፍሽውን ብትልኪልኝ አብረን እናየዋለን።